ከፋ አልወርድም ያለው ጣት

ጦርነቱ ሐይቅን ረግጦ ሲያልፍ የኔ ኪቦርድ ጭድ ውስጥ ተቀብሮ ተረፈ። የጎረቤቴ መሰንቆ ግን ማገዶ ሆነ። መሰንቆስ ይሠራል፤ ሠርግ ከየት ይምጣ? በዚያ ሰሞን ሐዘን ያልገባበት ቤት ስላልነበረ ድንኳን የሚተከለው ለለቅሶ ብቻ ነበር። ሰውየው ደግሞ የአምባሰል ልጅ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት፣ ከዘፈን በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም።

ሐይቁ ዳር ያለችው የአሳ ቤት ባለቤት ጠራችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ የሚመጡት የእርዳታ ሰዎች ጃዝ ይወዳሉ።

«እስከ ቅዳሜ በኪቦርድ ጃዝ መጫወት ከቻልክ የተጫዋቹ ወንበር ያንተ ነው፤ ካልቻልክ ወላሂ የሙዚቃ ፍላሽ ሰክቼ እገላገላለሁ» አለችው።

ወንበሩ የኔ ነበር። ለውጥ መጣ ተብሎ እንግዳ በጎረፈበት ጊዜ እኔ ነበርኩ የምጫወተው። እንግዳ ትሰድባለህ ብላ አባረረችኝ። እውነቷን ነው፤ አሳ እያላመጠ የሚያጨበጭብ ሰው ያስጠላኛል። ጎረቤቴ አስተምረኝ ብሎ ሲመጣ እሺ ያልኩትም ከደግነት አይደለም። ከኔ የባሰ ሰምታ እንድትጸጸት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጃዝ የሚሉት ምንድን ነው?»

«ሦስት ቁጥር ነው። ሁለት፣ አምስት፣ አንድ።»

«ለምን ከአንድ አይጀምርም?»

«ከቤቱ ያልወጣ ሰው ምኑን ይገባል?»

እኔ ሀ ሁን የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ወታደር ቤት ነው፤ ኮርድ የሚሉትን የድምፅ ጥምርም እዚያው ነው የተማርኩት። ስለዚህ በኖታ አላስጨነቅኩትም። አንዲት አጭር ዘፈን ፈጠርኩለትና «አህያው» አልኳት። ዶን አንድ ብለህ ስትቆጥር ሬ ሁለተኛ፣ ሶል አምስተኛ ነው። ግራ እጅ ሬን ሲመታ «አህያው ወጣ» እንላለን፤ ሶልን ሲመታ «በር ላይ ቆመ»፤ ዶን ሲመታ «ቤቱ ገባ»። ቀኝ እጅ ሁለት ጣት ይበቃዋል። ግራው ሬን ሲመታ ቀኙ ፋን እና ከበላዩ ያለውን ዶ ይይዛል። ግራው ወደ ሶል ሲሄድ ፋ አይነቃነቅም፤ ዶ ብቻ ግማሽ እርምጃ ወርዶ ሲ ይሆናል። ግራው ዶ ሲገባ ደግሞ ሲ ባለበት ይቆያል፣ ፋ ወደ ሚ ይወርዳል። በየተራ አንድ አንድ ጣት ይወድቃል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

መጀመሪያ ግራ እጁ ከዶ አልላቀቅ አለ። መሰንቆ ያለው አንድ የጭራ ክር ነው፤ ሁሌም ቤቱ፣ ዶ ላይ ነው። ዶ ላይ የአሳ እሾህ አስቀመጥኩና ተራው ሲደርስ ብቻ አነሳሁለት።

«ወጋኝ እኮ ጋሼ!»

«ወደ ቤትህ አትቸኩላ።»

ግራው ተገራ። ቀኙ ደግሞ አመፀ። ሬ ደህና፣ ሶል ደህና፤ ዶ ላይ ሲደርስ ፋን ይዞ ቁጭ!

«ወደ ሚ ውረድ!»

«ሚን ጣቴ አያውቃትም። ከዶ ተነስቼ አምባሰል ስጫወት ዘልያት ነው የማልፈው።»

አምባሰል ቅኝት ውስጥ እውነትም ሚ የለችም።

«አህያህ ገብቷል፤ ጭራው ግን በሩ ላይ ተቀርቅሯል» አልኩት።

ሚስቱ ከጓሮ ሰማችን። «እሱም ቤት ሲገባ እንዲሁ ነው! ግማሹ ጠጅ ቤት ይቀራል!»

ቅዳሜ ደረሰ። ጥግ ይዤ አሳ አዘዝኩና ውርደቱን እጠብቅ ጀመር። ሬ መጣ፣ ሶል መጣ፣ በሰዓቱ። ዶ መጣ። ፋ ግን እዚያው ተገትሮ ቀረ። ጎሽ አልኩ በልቤ። ድምፁ እንደተንጠለጠለ ነው፤ የሰውየውን ግንባር አላበው፤ እንግዶቹ ማላመጥ አቆሙ። ከዚያ ጣቱ፣ እንደ እምቢተኛ በግ እየተጎተተ፣ ሚ ላይ ወደቀ።

አንዱ ጠረጴዛ «እፎይ» አለ።

ሲደግመውም ዘገየ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሰዉ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ ሚን መጠበቅ ጀመረ። እኔም ጠበቅኩ፤ አሳዬ ቀዘቀዘብኝ።

ሲያበቃ ሰውየው እኔ ጠረጴዛ ጋ መጣ፤ የአሳ ቤቱ ባለቤትም ተከትላው መጣች።

«ያንን ማንጠልጠል ከየት አመጣኸው?» አለችው።

ሰውየው አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር ነው፣ ሞኝ!

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አልኩ ቀድሜ።

«ታዲያ አንተ ስትጫወት ለምን አድርገኸው አታውቅም?»

ወንበሩን ለሱ ሰጠችው፤ ለኔ ሁለተኛ አሳ አዘዘችልኝ፤ በአሳው እንኳ አላማትም። ሰኞ ቤቴን ዘግቼ ማዘግየቱን ሞከርኩት። ፋ ላይ ቆየሁ ስል ጣቴ ሚ ላይ ደርሶ አገኘዋለሁ። እስከ ዛሬም አልቻልኩትም።