ከሞተው ላፕቶፕ የወጣው ምዕራፍ

ላፕቶፔ የሞተው የመመረቂያ ጽሑፌን በማስረክብበት ቀን ዋዜማ፣ አመሻሹ ላይ ነው። ያኔ ገሱባ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ሶዶ እየመጣሁ ማስተርሴን እማራለሁ። ጽሑፌ የሁምቦ ኮረብታዎች ከተከለሉና ደን ከለበሱ ወዲህ ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶች ኑሯቸው እንዴት እንደተለወጠ የሚተርክ ነው። ሴቶቹን በወላይትኛ ያነጋገርኩት፣ ቃላቸውን ቁጭ ብዬ የተረጎምኩት እኔው ራሴ ነኝ። አራተኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ድምፅ ነበር።

የላፕቶፑ ባትሪ ከደከመ ቆይቷል፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ ወዲያው ነው የሚጠፋው። ያን ቀን ዳሞታ ተራራ ላይ ዝናቡ ይጮኻል። የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አማካሪዬ በቃል ባሳሰቡኝ መሠረት መደምደሚያዬን ስጽፍ መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ አምፖሉ ከወትሮው በላይ ደምቆ ትንሽ ቆየና ረጋ። ላፕቶፑን ለማስነሳት ተጫንኩት። ዝም። ደግሜ ተጫንኩት። ማራገቢያው አይዞር፣ ትንሿ መብራት አትበራ።

ጽሑፉ ሌላ ቦታ ነበረኝ? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ለአማካሪዬ በኢሜይል ልኬያለሁ። አራተኛውና አምስተኛው ፍላሽ ላይ ነበሩ፤ ፍላሹን ግን አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቫይረስ በልቶት ፎርማት ተደርጓል። ነገ ጠዋት ካላስረከብኩ ለመጪው ክረምት ነው የምተላለፈው። የማስነሻውን ቁልፍ ልደበድበው ስል ራሴን ያዝኩ። ተማሪዎቼን ፈተና ላይ የምላቸው ትዝ አለኝ፤ ‘መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ’ እላቸዋለሁ። ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ባጃጅ አስቁሜ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሄድኩ።

የሄድኩት ለጸሎት አልነበረም። የኮሌጅ ኮምፒውተር ክፍል የሚያስተዳድር አንድ የእምነት ወንድም አለን፤ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያና ፕሮጀክተርም የሚይዘው እሱ ነው። በዚያ ምሽት መዘምራኑ ልምምድ ስላላቸው እዚያ እንደማገኘው አውቅ ነበር።

ከማይክራፎን ገመድ ጋር ሲታገል አገኘሁት።

«ወንድሜ፣ ላፕቶፔ ሞተብኝ። ማስረከቢያዬ ነገ ጠዋት ነው።»

ፊቴን አየና ገመዱን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ነይ ቢሮ እንግባ። ሲጠፋ ምን ታየሽ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

መብራቱ ብልጭ ማለቱን፣ አምፖሉ መድመቁን፣ ሁለት ጊዜ ብቻ መጫኔን ነገርኩት።

«ጎሽ፣ አለመደብደብሽ ጥሩ ነው» አለ። «እንግዲህ ከቀላሉ እንጀምር።»

መጀመሪያ ቻርጀሩን ጠረጠርን። ከመዘምራኑ አንዷ የእኔው ዓይነት ላፕቶፕ ስላላት ቻርጀሯን ተውሰን ሰካን፤ ለውጥ የለም። የእኔን ቻርጀር በእሷ ላፕቶፕ ላይ ሞከርነው፤ ይሠራል። ስለዚህ ቻርጀሩ ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ባትሪውን አወጣ፣ ቻርጀሩንም ነቀለ፣ የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኜ እንድይዘው ነገረኝ።

«ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ ይውጣ» አለ። «አንዳንዴ ይሄ ብቻ ያስነሳዋል።»

ያዝኩት፤ ጣቴ እስኪደክም ያዝኩት። ያለ ባትሪ፣ በቻርጀሩ ብቻ ሞከርነው። አልተነሳም።

«ቦርዱ ተቃጥሏል መሰለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ስሚኝ፣ ጽሑፍሽ ያለው ቦርዱ ላይ አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ላፕቶፑን ለማዳን ዛሬ አንደክምም።»

ይህ ቃል አጸናኝ። ላፕቶፑን ትተን ጽሑፉን መፈለግ ያዝን። ጀርባውን ገለበጥን፤ ብሎኖቹን እኔ ልፍታ ብዬ መፍቻውን ተቀበልኩት። አንዱ ብሎን ጥርሱ ተበልቶ መፍቻው ያንሸራትተዋል። ፀጉሬን ያሰርኩበትን ላስቲክ ፈትቼ ብሎኑ ላይ አደረግኩ፣ መፍቻውን ከላይ ጫን አድርጌ አዞርኩት፤ ያዘና ተፈታ። ሃርድ ዲስኩ ከመዳፍ የማይበልጥ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ወደ ጎን ስቤ ከሶኬቱ አላቀቅኩት።

እሱ የስብከት ቅጂዎች የሚያስቀምጥበት አንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ነበረው። ከማቀፊያው ውስጥ የራሱን ዲስክ አውጥቶ የእኔን አስገባና በገመድ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ሁለታችንም ጆሯችንን አስጠጋን። ስስ ጉርምርምታ ተሰማ።

«እየዞረ ነው። ቀጭ ቀጭ ካላለ ደህና ነው» አለ።

ስክሪኑ ላይ መልእክት ብቅ አለ፤ ዲስኩ ችግር አለበት፣ ልፈትሸውና ላስተካክለው ወይ ይላል። እጄ ወደ ማውሱ ሄደ።

«አይሆንም» አለኝ። «መጀመሪያ ቅጂ፣ ጥገና በኋላ። ተሳስቶ የሚያጠፋው ነገር ቢኖርስ?»

መልእክቱን ዘጋሁት። ፎልደሬን ስከፍት ደግሞ ፈቃድ የለሽም አለኝ፤ በሌላ ኮምፒውተር ስም የተያዘ ስለሆነ ነው። ‘ቀጥል’ የሚለውን ተጭነን ጠበቅን። አረንጓዴው መስመር እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ሄዶ ሞላ። ስሞቹ ተደርድረው ታዩኝ፦ ቃለ መጠይቆቹ፣ ፎቶዎቹ፣ ካርታዎቹ፣ ጽሑፉ። አንዱንም ሳንከፍት ሁሉንም ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ገለበጥን።

ከዚያ ቅጂውን ከፈትኩ። ተከፈተ! አራተኛው ምዕራፍ አለ። ወደ ታች ስወርድ ግን መደምደሚያው ላይ ቆመ፤ ከምሳ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ የለም። ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ ያደረግሁት ምሳ ሰዓት ላይ ነበር።

ከአዳራሹ የመዘምራኑ ድምፅ ይመጣል፤ አንዲት መስመር ላይ ተሳስተው ይደጋግሟታል።

«ወርድ በየጊዜው ራሱ የሚያስቀምጠው ነገር የለም እንዴ?» አልኩ። «አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ስመለስ፣ የተረፈውን ይኸው ብሎ አሳይቶኝ ነበር።»

ፊቱ በራ። «አለ እንጂ! የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው።» የተደበቁትን እንዲያሳይ ኮምፒውተሩን አዘዘው፤ ወርድ የራሱን የሚያኖርበትን ፎልደር ፈልጎ ከፈተ። የጽሑፌን ስም የተሸከመ አንድ ፋይል ተገኘ። እሱንም መጀመሪያ ገለበጥነው፤ ከዚያ ወርድ ውስጥ ያልተቀመጡ ሰነዶችን መመለሻ በሚለው በኩል ከፈትነው።

መደምደሚያዬ ነበር። የጎደለው መብራቱ ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የጻፍኩት የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ ነው። አለቀስኩ፤ ግን እያለቀስኩ ወዲያው በአዲስ ስም ሴቭ አደረግኩት፣ በኢሜይልም ለራሴ ላኩት።

ልምምዱ ሲያልቅ መዘምራኑ ቦይና የምንለውን ቅቅል ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ አመጡልን። በግራ እጄ እየበላሁ በቀኜ የጎደለውን አንቀጽ እንደገና ጻፍኩ። አንዲት የሁምቦ ሴት ያለችኝን፣ «ጫካው ሲመለስ ምንጩም ተመለሰ፤ እኛ ግን ማገዶ ፍለጋ ርቀን እንሄዳለን» የሚለውን፣ ከመጀመሪያው ይልቅ አጥርቼ አስገባሁት። እሱ ደግሞ የድምፅ ማጉያውን ገመድ እየጠቀለለ አልፎ አልፎ «ሴቭ አደረግሽ?» ይለኛል።

ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ቅጂዎቹን አሳትሜ፣ አስጠርዤ፣ ገና ትኩስ ሳሉ ታቅፌያቸው ወደ ትምህርት ክፍሉ ወጣሁ። የምትቀበለው ሠራተኛ ሽፋኑን፣ ፊርማውን፣ ገጾቹን አገላብጣ አየችና ማኅተሙን መታች።

«ፀጉርሽን ምን ነካው?» አለችኝ።

በእጄ ዳበስኩት፤ ላስቲኩ ብሎኑ ጋ ቀርቶ እንደተፈታ ነው ያደረው። ሳቄ መጣ።