በቅሎዋ የመጣችበትና የሄደችበት ቀን

በደባርቅ ሰው ሲያርፍ ከመቀበሩ በፊት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። የት እንደተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ በምን ታሞ እንዳረፈ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ብዙ ቤተሰብ ይህን ጽሑፍ ለእኔ ይሰጠኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። የምጽፈውም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ተወለዱ ብሎ ይጀምራል፣ አረፉ ብሎ ያልቃል።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጋሽ የሺዋስ እያሳሉ መጡና ከበሩ ላይ ተቀመጡ።

«የወንድሜን የደርቤን ታሪክ ጻፍልኝ፣ እንደነበረው።»

«ነፍስ ይማር። መቼ አረፉ?»

«እሱን ነው ማንም የማያውቀው» አሉ።

ደርቤ በ1993 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ተራራ ላይ ከነበረው ከጊች መንደር ተነሥቶ በበቅሎ ገብስ ጭኖ ወደ መካነ ብርሃን እንደሄደ የቀረ ሰው ነው። አስከሬኑ አልተገኘም። በእኛ አገር አስከሬን ሲጠፋ የሟቹ ልብስ ተዘርግቶ ይለቀሳል። ልብሱ ግን ሚስቱ እትዬ ባንቻየሁ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሳጥኑን አልከፍትም ብለዋል። ጋሽ የሺዋስ ሳንባቸው እያለቀ ነበር። «ወንድሜን ሳላለቅስለት እኔን ሊያለቅሱልኝ ነው» አሉኝ።

አብረን ሄድን። እትዬ ባንቻየሁ የጊች ነዋሪ በሙሉ ከተራራው ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ሲዛወር ከመጡት ናቸው። ቤታቸው ከአስፋልቱ በላይ ካሉት አዳዲስ የቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነው። ገና ሳንቀመጥ ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ግቡ። የሞተ ሰው ግን በዚህ ቤት የለም።»

«ባንቹ፣ አሁን ቢመጣ እኮ ሽበትሽን አይቶ እናትሽን ጥሪልኝ ነው የሚልሽ» አሉ ጋሽ የሺዋስ።

«አንተንስ? አባቴ ከመቃብር ተነሥተው መጡ ብሎ ይሮጣል!»

ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ የሺዋስ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው፤ እትዬ ባንቻየሁ ተነሥተው ጀርባቸውን ደገፉ። እጃቸውን ከጋሽ የሺዋስ ጀርባ ሳያነሱ «ቢሆንም አልፈቅድም» አሉ።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንደ ልማዴ ጻፍኩት። በማግሥቱ ለእትዬ ባንቻየሁ ሳነብላቸው «በሐምሌ ወር 1993 ዓ.ም. በጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ማን ነገረህ?»

ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ።

«በቅሎዋ ተመልሳ መጥታለች፤ እሱን ጽፈሃል?»

ከዚያ ነገሩኝ። በዚያ ሐምሌ ጉሙ አጥሩን እንኳ ደብቆት ነበር። አመሻሽ ላይ ኮቴ ሰምተው ሲወጡ በቅሎዋ ብቻዋን ቆማለች። ጭነቱ የለም። የምትሳብበት ገመድ ግን መሬት አይጎተትም፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ በጥምጥሙ ውስጥ ገብቷል። ሽፍታ ቢሆን በቅሎዋን ይወስዳል እንጂ ገመድ አይጠመጥምም። ገደል ገብቶ ቢሆን ገመዱ እየተጎተተ ይመጣ ነበር። ገመዱን የጠመጠመው የደርቤ እጅ ነው፤ እንዳይጠልፋት ብሎ። ስለዚህ ደርቤ ደህና ነው፣ በቅሎዋን አስቀድሞ እሱ በዝግታ ይከተላል። የመንደሩ ሰው ጉሙ እስኪገፈፍ ፈለገ፣ አላገኘም። እሳቸው ግን ገመዱን አይተዋል። ጠበቁ።

እዚህ ላይ አቆሙና ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። «ይህ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ኮቴ ነው የሚመስለኝ። እነሣለሁ። ደግሞ ምን ብዬ እንደምነሣ፤ እሱ ይህን ቤት አያውቀውም። የሚመጣው ጊች ነው። ጊች ማን አለ?» አሉ። ቀጥለው ወደ ጉሙ ተመለሱ።

ወሬያቸው ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። ስለ ጊች ሲያወሩ ደባርቅ ይገባበታል፤ ደባርቅን ሲያማርሩ ጊች ያቋርጣቸዋል። መጀመሪያ ማርጀት ነው አልኩ። እሳቸው የጠበቁበት ዓመታት ከሌሉበት የደርቤ ታሪክ ስለማይሞላ፣ ወሬያቸውን ለማስተካከል ብዬ ሁለተኛውን ጽሑፍ በቅደም ተከተል ሠራሁት፤ የጊቹን ሁሉ አስቀድሜ፣ የደባርቁን ሁሉ አስከትዬ። ለጋሽ የሺዋስ አነበብኩላቸው።

«ይሄ የሁለት ሰው ታሪክ ነው» አሉ። «የፊተኛዋ ወጣት ናት፣ የኋለኛዋ ነጭናጫ አሮጊት። አይተዋወቁም።»

ልክ ነበሩ። ትዝታው ለብቻው ሲሆን ያለቀ ወሬ ነው። የዛሬው ሐሳብ ለብቻው ሲሆን ምሬት ነው። እትዬ ባንቻየሁ ግን ሁለቱን ለይተው አይኖሩም፤ ዛሬ የሚያስቡትን የሚያሳስባቸው ያ ቀን ነው፣ ያን ቀን የሚያዩትም ዛሬ ካሉበት ሆነው ነው። ስለዚህ እንደ ወሬያቸው አድርጌ ልገምደው ሞከርኩ።

ቀላል አልነበረም። ለቅሶ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ስለሆነ ሰሚው ወረቀቱን አያይም፤ ባዶ መስመር ብተው ማንም አያውቀውም። እያንዳንዱን ክፍል በቦታው ስም ጀመርኩት፤ ጊች፣ ደባርቅ። የጊቹን እንደ ተረት በአለፈ ጊዜ፣ የደባርቁን አሁን እንደሚሆን ጻፍኩት። አንዱን ክር እስከ መጨረሻው አልስበውም፤ ሰሚው «ከዚያስ?» የሚልበት ላይ እተወዋለሁ። ወደ ሌላው ስሻገርም ዝም ብዬ አልዘልም፤ በሁለቱም ወገን ያለ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ኮቴ በጊች፣ የቆርቆሮ ድምፅ በደባርቅ። ጉም በጊች፣ የአስፋልቱ አቧራ በደባርቅ። ክፍሎቹ መጀመሪያ ረዘም ይላሉ፣ ወደ መጨረሻው እያጠሩ ይቀራረባሉ።

ያስቸገረኝ ማብራራት ነበር። በየመሻገሪያው «እንደዚሁ ሁሉ ዛሬም» እያልኩ እጽፍ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ሁለቱን ክር እኔ በእጄ እንደያዝኳቸው ያስታውቃል። ሰረዝኩት። አንዱን ከሌላው አጠገብ አስቀምጬ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ስል ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ክፍል ይጎድለኝ ነበር። በቅሎዋ ተመልሳ ከመጣችበት ቀጥሎ የሚገባ የደባርቅ ነገር አጣሁ። ልጃቸውን እስከዳርን ጠየቅኋት።

«በቅሎ ከሆነ የፈለግኸው፣ ያቺው ባትሆንም ባለፈው ዓመት የሸኘናት አለች» አለችኝ። «እማዬ እንደ ሙሽራ ነው የሸኘቻት። ለእኔ እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም።» እንዴት እንደሸኘቻትም አንድ በአንድ ነገረችኝ።

ጻፍኩት። ሁለቱም ላይ በቅሎ ስላለ ብቻ ነው ያስጠጋሁት፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ባንቻየሁ፣ ጋሽ የሺዋስና እስከዳር ባሉበት አነበብኩ። ወደ መጨረሻው እንዲህ ይል ነበር፦

«ጊች። በቅሎዋ በጉሙ ውስጥ ቆማ ተገኘች። ጭነቷ ወርዷል። ገመዷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ ውስጥ ገብቷል።

«ደባርቅ። ለበቅሎዋ የሚሆን ግጦሽ የለም። ባንቻየሁ አምባራስ መንደር ላለ ዘመዷ ልትሰጣት እስከ ከተማው ጫፍ ትወስዳታለች። የዘመዷ ሰዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ከፊት ወጥተዋል። ዳገቱ ላይ የባንቻየሁ ጉልበት እምቢ ይላል። በቅሎዋ የተሸከመችውን ታወርድላታለች። ገመዱን አንገቷ ላይ ትጠመጥምና ጫፉን ታስገባለች። ዳሌዋን መታ ታደርጋታለች።»

«ቆይ» አሉ እትዬ ባንቻየሁ።

እጃቸው ተነሥቶ ነበር። አየር ላይ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር አደረጉት፤ ጫፉን ሲያስገቡ ጣታቸው ታጠፈ። እዚያ ላይ ቆመ።

«ያን ቀን የጠመጠምኩት ለምን ነበር?» አሉ፤ እኛን አልጠየቁም። «አልከተላትም ብዬ ነው እኮ። የሚከተል ሰው ገመድ አይጠመጥምም፤ ይዞ ይሄዳል። እኔ አልከተላትም ብዬ ነው የጠመጠምኩት።»

ጋሽ የሺዋስ ሳላቸውን በጋቢያቸው አፍነው ያዙት።

«አውቆ ነው» አሉ እትዬ ባንቻየሁ ቀስ ብለው። «ደርቤ እግሩ ይሁን ምኑ አላውቅም፤ እንደማይመጣ አውቆ ነው የላካት። ጭነቱን ያወረደላት እንድትፈጥን ነው። እኔ ጠብቂኝ ብሎ የላከብኝ መስሎኝ…»

እኔ ወረቀቱን አየሁት። እዚያ ላይ «አውቆ ነው» የሚል ቃል የለም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የነበረው የእኔ ዝምታ ብቻ ነው፤ እሳቸው ያንን አነበቡት። ልደሰት ይገባኝ እንደሆነ አላወቅሁም። ሰው ያን ያህል ዘመን ይዞት የኖረውን ተስፋ ከእጁ ማውጣት የጽሑፍ ሥራ ነው? አሁንም ሳስበው እፈራለሁ።

«ልሰርዘው?» አልኳቸው።

«ምኑን ትሰርዘዋለህ» አሉ። «የኔ እጅ ነው።»

ከዚያ ጋሽ የሺዋስን ዞረው አዩና «ሰው ጥራ» አሏቸው።

ለቅሶው በሳምንቱ ሆነ። ጊች የነበሩት ሁሉ መጡ። የደርቤ እጀ ጠባብና ጋቢ ከሳጥኑ ወጥቶ አልጋ ላይ ተዘረጋ፤ ጋቢው በቆየበት ታጥፎ ቀርቶ አልዘረጋም ብሎ ነበር፣ እትዬ ባንቻየሁ በመዳፋቸው አስተካከሉት። ታሪኩን አነበብኩ። ለሰሚው እንግዳ ነገር ስለነበር መጀመሪያ አንዳንዱ እርስ በርስ ተያየ። ጊች፣ ደባርቅ፣ ጊች ስል ግን የተዛወሩት ሰዎች ተረዱት፤ እነሱም በሁለቱ ቦታ ነው የሚኖሩት። ሁለቱ በቅሎዎች ላይ ስደርስ እንደ ሠራሁት ዝም አልኩ። ጋሽ የሺዋስ ጮኸው አለቀሱ፤ የዚያን ሁሉ ዓመት ነበር ያለቀሱት። ከዚያ በኋላ «አረፉ» የሚለውን ቃል አነበብኩ። እትዬ ባንቻየሁ አላቋረጡኝም።

ሁሉም ሲበተን፣ ድንኳኑ ሲፈታ፣ አጠገቤ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጥቁር ለብሰዋል።

«ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል» አሉ። «ግን አንድ ነገር አለ።»

«ምን ጎደለ፣ እትዬ?»

«በፊት እኮ እየመጣ ነው የምለው። በመንገድ ላይ ነው፤ እየተራመደ ነው። ያ አይከብድም ነበር።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። «አሁን ግን ተቀምጦ ነው የሚታየኝ። በቅሎዋ ሄደች፣ ኮቴዋ ጠፋ። እሱ አንድ ድንጋይ ላይ ነው። ጉሙ አለ። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ የተቀመጠ ይመስልሃል?»

ይህንን ከየትኛው ክር አጠገብ እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር። «አላውቅም» አልኳቸው።

«እኔም አላውቅም» አሉ። ሰዎቹ የመጨረሻውን ምሰሶ እስኪነቅሉ ድረስ ሁለታችንም አልተነሣንም።