ለፕሪንተሩ ብዬ የመረጥሁት

ወልድያ ውስጥ ኮምፒውተር የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከሲሪንቃ ወዲያ ማዶ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ሲቸግራቸው ይደውሉልኛል፤ እኔም ሚኒባስ ይዤ እወርዳለሁ። ሰው «ባለሙያው መጣ» ሲል ደስ ይለኛል። ይህ ደስታ ነው ጉድ ያደረገኝ።

መርሳ ከተማ አንድ የግል ትምህርት ቤት የጠራኝ በስጦታ ስለተገኘ ፕሪንተር ነበር። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከው ያለ ገመድ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ አስተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስበው ቆመዋል። ዕቃው ግን አሮጌ ነው። ዋይፋዩን የሚያድለው የትምህርት ቤቱ ራውተር WPA2 በሚባለው ጠንካራ ቁልፍ ተዘግቷል፣ ፕሪንተሩ ደግሞ WEP ከሚባለው የድሮ ቁልፍ በቀር ሌላ አያውቅም። ሁለቱን ማስማማት አልተቻለም።

ማለት የነበረብኝ አጭር ነው፦ «ይህ በገመድ ይሠራል፤ ነገ ገመድ ይዤ እመጣለሁ።» ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ ግን «በገመድ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። የራውተሩን ገጽ ከፈትሁ፣ የደኅንነት ምርጫው ላይ ደረስሁ፣ ከዝርዝሩ WEP የሚለውን ነካሁ። ራውተሩ ራሱ ይህ ምርጫ ደካማ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። እሺ ብዬ አለፍሁት። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲተፋ ተጨበጨበ። ኢንተርኔቱ ከቀድሞው ቀሰስ ማለቱን አየሁ፤ በWEP ሲዘጋ ራውተሩ ወደ ድሮ ፍጥነቱ እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

አሥራ ሦስት ፊደል ያለው የይለፍ ቃል አወጣሁና ለርዕሰ መምህሩና ለጸሐፊዋ ብቻ ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ፈተና ሁሉ በእጃቸው የሚተየብ እናት ናቸው። ቃሉን በወረቀት ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ርዕሰ መምህሩ ከቢሯቸው ሆነው ፈተናውን እንዲያዩት ስለፈለጉ፣ የጸሐፊዋን ፎልደር ያለ ምንም ተጨማሪ ቁልፍ ኔትወርኩ ላይ ከፈትሁት። «ምን ችግር አለው፤ ኔትወርኩ ተቆልፏል» አልሁ። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ እየቸኮልሁ ነበር።

የሠራሁትን የማላውቅ ብሆን ይሻለኝ ነበር። WEP መልእክቱን የሚቆልፈው በይለፍ ቃሉና በአንዲት አጭር ቁጥር ነው። ቁጥሯ በግልጽ ትላካለች፤ አጭር ስለሆነችም ቶሎ ቶሎ ትደጋገማለች። አጥሩ ሥር ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ከሰበሰበ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የይለፍ ቃሉን አስልቶ ያወጣዋል። ቃሉ አምስት ፊደል ሆነ አሥራ ሦስት አያድንም። ማንም ለማንም ምንም ሳይነግር ይገባል ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበትም አልፌያለሁ።

የወሰነ ትምህርቱ ፈተና ሲደርስ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሾልኮ ወጣ። በተማሪዎች ስልክ ላይ የተገኘው ገና ያልታረመው ረቂቅ ነው፤ ረቂቁ ደግሞ ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር በቀር የትም አልነበረም። ጸሐፊዋ እዚያው ስምንተኛ ክፍል የምትማር ሴት ልጅ አለቻቸው። ነገሩ እዚያው ላይ የተፈረደ መሰለ።

ርዕሰ መምህሩ «እስቲ መጥተህ እየው» ብለው ጠሩኝ። ብቻዬን ራውተሩን ከፈትሁ። ከተገናኙት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የትምህርት ቤቱ ያልሆነ ላፕቶፕ አለ፤ ስሙም ኔትወርክ ለመሰርሰር የሚያገለግል ሲስተም ሲጫን በራሱ የሚያወጣው ስም ነው። በዚህ ሙያ ያለ ሰው አይስተውም። ከዚያ ያደረግሁትን ሳስታውስ አሁንም ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም። ምርጫውን ወደ WPA2 መለስሁ፤ WEPን የተካው የመጀመሪያው WPA እንኳ ለጊዜው የተለጠፈ ጥገና ስለሆነ፣ ሁለቱንም የሚቀበለውን ድብልቅ ምርጫ አልነካሁም። የይለፍ ቃሉን ቀየርሁ፣ ፎልደሩን ዘጋሁ፣ ፕሪንተሩን ከወልድያ ባመጣሁት ገመድ አገናኘሁት። ከዚያ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ የእንግዳው ላፕቶፕ ስም የነበረበት ዝርዝርም ጠፋ።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስገባ ጸሐፊዋ ቆመዋል። ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ጨብጠው ይናገራሉ።

«ወላሂ ለማንም አልሰጠሁም። ቁርኣን ይምጣልኝና መትቼ ልማል።»

ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ አንተ ታውቀዋለህ። ቃሉን ከሰው ሳያገኝ ሊገባ የሚችል አለ?»

«ከባድ ነው፣ እትዬ» አልሁ።

ውሸት እንኳ አይደለም ብዬ መንገዱን ሁሉ ራሴን ስደልል መጣሁ። በWPA2 ቢሆን፣ ቃሉም ጠንካራ ቢሆን በእርግጥ ከባድ ነው። እሳቸው የጠየቁኝ ግን እኔ ስለከፈትሁት በር ነው። ባለሙያነቴን ይዤ ተመለስሁ፤ የእሳቸውን መሃላ እዚያ ጥዬ።

ሁለት ወር ዝም አልሁ። በሌላ ሥራ እዚያው ትምህርት ቤት ስጠራ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው አየሁ። «በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ፤ የሰው ዓይን አላስቀምጥ አላቸው» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። ግራና ከተማ ገብተው ከእህታቸው ጋር የልብስ ንግድ ይዘዋል። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የተናገርሁት፤ ምርጫውንም፣ ዝርዝሩንም፣ ያጠፋሁትንም።

«ለአስተማሪዎቹ እኔ እነግራለሁ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ለሴትዮዋ ግን አንተው ሂድ።»

ግራና የደረስሁት በገበያ ቀን ነው። ሻርፕ እያጣጠፉ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ነህ የኔ ልጅ» ብለው ወንበር አቀረቡልኝ፤ ያ ደግነት ከስድብ ባሰብኝ። ሳልቀመጥ ተናገርሁ። በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ቃሉን ማንም አልሰጠም፤ የዚያን ቀንም አውቄ ነው ዝም ያልሁት አልሁ። ይሰድቡኛል፣ ሰው ይሰበስቡብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሻርፑ እጃቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ቃሉን ከቦርሳዬ የወሰደ የለም ማለት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«የለም፣ እትዬ።»

ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ልጄ ናት ብዬ ነበር። ቦርሳዬን የምትከፍት እሷ ብቻ ናት። ማለችልኝ፤ ደጋግማ ማለችልኝ። እኔን አላመኑኝም እያልሁ ሳለቅስ እሷን አላመንኋትም። መታኋት። ወልድያ አጎቷ ቤት ሰደድኋት። ይኸው ስደውል አታነሳልኝም።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፣ ግን ለማን እንደምለው ግራ ገባኝ። ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። ከእሳቸው ስልክ እንደማታነሳ አሰቡ መሰለኝ፣ መልሰው ከተቱትና የእኔን ጠየቁኝ። ቁጥሩን በቃላቸው ነገሩኝ፤ ደወልሁ። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«ማን ልበል?» አለች ልጅቱ።

ስልኩን ለእናቷ ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እያዩኝ ነው።

«አንተው ንገራት» አሉ። «እኔን አታምነኝም።»