ዘይት የጠጣው ጎማ

ያላጠፋሁትን አጥፍተሃል ብለው ከወጥ ቤት አወጡኝና ዘበኛ አድርገው በር ላይ አቆሙኝ። ያኔ መሠረተ ትምህርት ገና ጀማሪ ነበርኩ። ውሳኔውን አንብበውልኝ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ።

ከቸርችል ጎዳና ራስጌ፣ ደርግ በወረሰው ሆቴል ውስጥ፣ የቡታጋዝ ሲሊንደር የምለውጠው እኔ ነበርኩ። አዲስ ስገጥም መጋጠሚያውንም ጋዙን ወደ ምድጃው የሚወስደውንም ጎማ የሳሙና አረፋ እቀባለሁ። አረፋው ፊኛ ካወጣ ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው። የዚያን ዓርብም ቀብቼው ነበር፤ ምንም ፊኛ አላወጣም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የጽዳት ኮሚቴ ወጥ ቤቱን ሊያይ ይመጣል። በማግስቱም ዋናዋ ወጥ ሠሪ፣ እንደ ታላቅ እህት የማያት ሴት፣ ከኋላው ለመጥረግ ምድጃውን ሳበችው። ጥቂት ቆይቶ ጋዝ ሸተተኝ።

«እትዬ፣ ክብሪት እንዳትጭሪ! መብራቱንም አትንኪ!»

«ኧረ አንተ፣ ሽንኩርቱ ነው!»

«ሽንኩርት እንዲህ አይሸትም፣ ውጪ!»

የሲሊንደሩን ቧንቧ ዘጋሁ። ጋዝ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው፤ በሩንም መስኮቱንም በረገድኩ። ሲሊንደሩን እንደቆመ ጓሮ አወጣሁት። ማንም አልተጎዳም።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ትናንት መጋጠሚያውን ያላጠበቀው ጓድ እርሱ ነው» አለ።

«ሳሙና ስጡኝና እዚሁ ላሳያችሁ» አልኩ።

«ልብስ ልታጥብ ነው ወይ?» አለ፤ ሰዉ ሳቀ። እትዬ መሬት መሬት አየች።

በምትኬ የገባው ሰው ያንኑ ጎማ መልሶ ገጠመ። ምድጃው ቦታው ላይ ሲቆም ጎማው ስለማይወጠር ሽታው ጠፋ፤ ሁሉም «ይኸው፣ አጥብቆት ዳነ» አሉ። በር ላይ ሆኜ ሰማኋቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምድጃው ሲሳብ እንደገና ሸተተ። ደግነቱ ሲሊንደር የሚያመላልሰው ሰው ግቢ ውስጥ ነበር። ጋዙን ዘግቶ ቤቱን አስናፈሰ፤ ኋላም ጎማውን አጠፍ አድርጎ ጋዙን ለአፍታ ከፈተና አረፋ ቀባው። ከሥሩ በኩል አረፋው ፈላ።

«ይሄ ጎማ ዘይት ጠጥቷል፤ ላልቶ ተሰነጠቀ። ማነው የቀባው?»

እትዬ አለቀሰች። ለካ በየቅዳሜው ለኮሚቴው እንዲያብረቀርቅ በምግብ ዘይት ትወለውለው ኖሯል። ዘይት ጎማን እንደሚበላ ማን ነገራት?

«ያን ቀን ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ በር ድረስ መጥታ። «ልጆቼን አሰብኩና ፈራሁ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«ይቅር ብያለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ግን ድሮ ከአንድ ትሪ ምሳ እየበላን ሥላሴ ድረስ ይሰማል የሚባል ሳቅ እንስቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እሷ አፍራ ቀድማ ትበላለች፣ እኔም ዘግይቼ እደርሳለሁ። ሊቀ መንበሩ አይቆጨኝም፣ ይብላው። የሚቆጨኝ ያ ትሪ ነው።

ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑ ታውቆ ወደ ወጥ ቤት የመለሱኝ ሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው፤ ከአንድ ትሪ ግን ዳግም አልበላንም።