ከሳን ሆዜ ያልመጣው ቼክ

ኦክላንድ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ በትዕዛዝ በሚልክ ሱቅ ሒሳብ እሠራ ነበር። ደንበኞች ዕቃውን ሲረከቡ ለአድራሹ ድርጅት ሾፌር ቼክ ይሰጣሉ፤ ድርጅቱ ቼኮቹን ሲልክልን እኔ ከሽያጫችን ጋር አመሳክራለሁ።

አንድ ቀን ሳን ሆዜ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑ፣ ደንበኛችን የሆኑ ያገሬ ሰው ቼክ ጎደለ፤ ዕቃውም አልተመለሰም። ሁልጊዜ «ልጄ፣ ቼኬ ደረሰሽ?» ብለው የሚደውሉልኝ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ቀን እኔ ስደውል ሴት ልጃቸው አነሳች።

«አባዬ ባለፈው ሳምንት አረፈ» አለችኝ። «ሾፌሩ ሲመጣ ዕቃውን አንቀበልም አልነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኳት።

ዕቃው በማግስቱ ተመለሰ። ሽያጩን ሰርዤ ተመላሽ ብዬ መዘገብኩት፤ ሒሳቡ ገጠመ። እንባዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ የሚቀጥለውን ቼክ አነሳሁ።