ከኮርኒሱ በላይ የነበረው ብረት

አቧራው ይጎዳታል ብለን እናቴን እህቴ ቤት ሰደድናት። እኔና ታናሽ ወንድሜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለውን የድንጋይ ቤቷን ልናድስላት ነበር። ጨርሰን በሩን ስንከፍትላት ምን ትል ይሆን እያልን በደስታ እንሠራለን።

የመኝታ ቤቷን አሮጌ የጨርቅ ኮርኒስ ስንቀድደው፣ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው የተዘረጋ የብረት ዘንግ አየን። መሀሉ ላይ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ ወፍራም ብረት አለ፤ ዘንጉ ከግራና ከቀኝ እንደ ብሎን በጥርስ ገብቶበታል። ምንም አልተንጠለጠለበትም።

"ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?" አለ ወንድሜ። ለአዲሱ ኮርኒስ ስላልተመቸው በግራይንደር ቆረጠው። ሲበጠስ እንደ ጥይት ጮኸና ጫፎቹ ተራራቁ። ደንግጠን ተያየን፤ ከዚያ ሣቅን። አይ እኛ!

የመሀሉን ብረት ፈትቼ፣ ጠራርጌ ጠረጴዛ ላይ ፎቶ አነሣሁትና የድሮ ዕቃ ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፦ "አሮጌ ቤት ስናድስ አገኘነው። ምንድን ነው? የሚያውቅ ይንገረን።" መልሱ ጎረፈ። የጭነት ማሠሪያ ነው ያለ አለ፤ የድንኳን መወጠሪያ ያለም አለ። "ውስጡ ወርቅ ከተገኘ ግማሹ የኔ ነው" የሚልም አልጠፋ። እኔም አብሬ ስቀልድ ዋልኩ።

በማግስቱ አንዲት የሕንፃ መሐንዲስ "ወንድሜ፣ የት ነበር የተገጠመው?" ብላ ጻፈች። ነገርኳት።

"የአንዱ ጫፍ ጥርስ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ነው የሚዞረው" አለችኝ። "መሀሉን ስታዞረው ሁለቱንም ዘንጎች ወደ ውስጥ ይስባል። ጣሪያው ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ሲገፋ ይዞ የሚያቆማቸው እሱ ነው። እባክህ፣ አልነካነውም በለኝ።"

ሮጬ መኝታ ቤቱ ገባሁ። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ጥጉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከፍቷል። ባለሙያ ጠርተን ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ቋሚ አስደገፍን። ግድግዳው ግን በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ወደ ውጭ አብጧል፣ አይድንም አሉን። መንገደኛ ላይ ሳይናድ አስፈረስነው። እናቴ ከተዳረች ጀምሮ የተኛችበት ክፍል ሜዳ ሆነ። ወንድሜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

እናቴ መጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ብዙ ቆመች። ፎቶውን አሳየኋት፤ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንደቆረጥነው፣ ግሩፑን እንደጠየቅሁ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

"ግድግዳው ሲሰነጠቅ አባትህ ነው ያስገባው" አለች። "መሰላሉን ይዤለት የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

"ያንን ሁሉ የማታውቀውን ሰው ስትጠይቅ፣ ልጄ፣ የኔ ስልክ ክፍት ነበር እኮ።"