ካሜራው ጤነኛ ነበር

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የስልክ ጥገና ሱቄ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሙያውን ባሕር ዳር ተምሬ፣ በሰው ሱቅ ቆይቼ፣ በመጨረሻ የራሴን ጠረጴዛ ዘርግቻለሁ። ያም ሆኖ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ከኋላዬ ነው፤ ወንድ ሲፈልግ።

እኒያ አባትም እንዲሁ አደረጉ። ጋቢያቸው ላይ ካፊያው እንደ ጤዛ ተንጠባጥቦ፣ በሩ ላይ ቆመው ውስጡን ቃኙና፣

«ባለሙያው የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ አባባ፣ ይግቡ» አልኳቸው።

አብራቸው ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ሳታወልቀው ቀርቷል። ሰላም ስላት አልመለሰችም፤ ፈገግ ብላ በእጇ ጆሮዋን ነካች። አባትየው ቀደሙላት።

«ልጄ ናት። አትሰማም። ከአዲስ ቅዳም ነው የመጣነው። ስልኳ ካሜራው ሞቷል ብለውናል።»

«ማን አለ?»

«ዳንግላ አሳይተን ነበር። ይቀየር አሉን። ዕቃው ደግሞ እዚያ የለም፣ ባሕር ዳር ነው ያለው ሲሉን፣ እሱ ራቀብንና ወደዚህ መጣን።»

ስልኩን ተቀበልኩና መጀመሪያ ሁሌም የማደርገውን አደረግሁ፤ የስልኩን የራሱን ካሜራ ከፈትኩት። ሱቄ ቁልጭ ብላ ታየች። የፊቱንም የኋላውንም ሞከርኩ፤ አባትየውን ከነጋቢያቸው አነሳኋቸውና አሳየኋቸው።

«አባባ፣ ይህ ካሜራ ጤነኛ ነው። የሚቀየር ነገር የለውም።»

«እንግዲያ ለምን አይሠራም?»

ልጅቷ የጠረጴዛዬን ደብተር ስባ መጻፍ ጀመረች። ጽሑፏ ከእኔ ያምራል። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት አብራት ያደገች ጓደኛ አለቻት፤ የሚያወሩት በቪዲዮ፣ በምልክት ቋንቋ ነው። «እኔ አያታለሁ፣ እሷ ግን ጥቁር ብቻ ነው የሚታያት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ፣ «ሌላ አፕ ጫንኩ፤ ያው ነው። ስድስት ሳምንት ሆነኝ።»

ለሌላ ሰው ቪዲዮው ቢጠፋ ድምፁ ይቀራል። ለእሷ ግን እጇ ካልታየ አፏ ተይዟል ማለት ነው። መልእክት መጻፍ ትችላለች፤ እኔስ ብሆን ለጓደኛዬ የሆዴን ሁሉ በጽሑፍ እነግራት ነበር?

የምትደውልበትን አፕ ከፍቼ የቪዲዮውን ምልክት ነካሁ። ከታች አጭር ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ይህን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የስልኩ ካሜራ ሲሠራ ሌሎቹ ብቻ ካልከፈቱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ዕቃው ሳይሆን ፈቃዱ ነው። ወደ ቅንብሮች ገባሁ፤ ከዚያ መተግበሪያዎች፣ ከዚያ ፈቃዶች፣ ከዚያ ካሜራ። ስልኩ በአማርኛ ነበርና ማንም ያነበዋል። «አልተፈቀደም» ከሚለው ሥር ሦስት ስሞች ተደርድረዋል፤ ሁለቱ የመደወያ አፖች፣ ሦስተኛው የባትሪ መብራት የሚያበራ አንድ የማላውቀው አፕ።

«አባባ፣ አንድ ሰው ከልክሎታል» አልኩ።

«ድሮ ይሠራ ነበር እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ልጅቷ አፑን ከፍታው አታውቅም። ስልክ ደግሞ ለወራት ያልተነካ አፕ ሲያገኝ የሰጠውን ፈቃድ ራሱ መልሶ ይነሳዋል። አፑ እንደገና ሥራ ሲጀምር «ይፈቀድለት?» ብሎ ይጠይቃል። አንዴ «አትፍቀድ» ካሉት ሌላ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሁለተኛ ሲከለከል ግን ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ዝም ይላል። ይህንን ሁሉ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው።

ከሁለተኛው ክልከላ ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ። በአዊኛ አንድ ነገር አጉተመተሙና ወደ እኔ ጠጋ አሉ፤ ልጃቸው እንደማትሰማ እየታወቀ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉኝ።

«እንዴት?»

«እሷ ስፌት ላይ ስትሆን ስልኩ እኔ ዘንድ ይውላል። ሲጠራ አነሳዋለሁ፣ ለደወለው ሰው መጣች ልል። አንድ ቀን ሳነሳው ድምፅ ይቅዳ ወይ አለኝ። ድምፅ ከእሷ ምን ይሰርቃል ብዬ ፈቀድኩ። ቀጥሎ ፎቶ ያንሳ፣ ቪዲዮ ይቅረጽ ወይ አለ። ልጄን? ማን ሊያያት? አትፍቀድ አልኩት። በሌላ ቀን ደገመው፤ አሁንም እምቢ አልኩ። ከዚያ ተወኝ። ደስ አለኝ።»

«ሁለተኛው አፕስ?»

«እሱንም እንዲሁ አደረግሁት።»

ለማትሰማ ልጅ ጆሮውን ፈቅደው ዓይኑን ከልክለዋል። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ሳይ ዋጥኩት።

«እባክሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ካሜራው ተበላሽቶ ነበር፣ ሠራሁት በያት።»

«አይሆንም አባባ። ዳንግላ ሞቷል ያሉትን እኔ ደግሜ ሞቶ ነበር ልበል? ነገ ሌላ አፕ ይጠይቃታል። ነገሩን ካላወቀች ተመልሳ ትመጣለች። ማን እንደከለከለው እኔ አልናገርም፤ እንዴት እንደሚፈቀድ ግን አሳያታለሁ።»

ስልኩን በመካከላችን አስቀምጬ መንገዱን አንድ በአንድ አሳየኋት። የመጀመሪያውን አፕ እኔ ከፈትኩላት፤ «መተግበሪያውን በመጠቀም ላይ ሳለ ብቻ ፍቀድ» የሚለውን ነካሁ። ሁለተኛውን ራሷ አደረገችው። የባትሪ መብራቱ ላይ ስትደርስ እጇን ያዝኳትና በደብተሩ ላይ «ይህ ካሜራሽን ምን ያደርግለታል? እንደተከለከለ ይቅር» ብዬ ጻፍኩ። ለአባትየውም «ይቺን በትክክል ነው የከለከሏት» አልኳቸው። የከለከሏት እሳቸው ይሁኑ እሷ እስካሁን አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አንድ ነገር ሊቀናቸው ይገባ ነበር።

ልጅቷ እስክሪብቶውን አነሳች። «ሁለቱን ማን ከለከላቸው?»

አልናገርም ብዬ ነበር። ደብተሩን ወደ አባትየው ገፋሁት። አነበቡት። ከዚያ፣ የትምህርት ቤቱን የምልክት ቋንቋ ስለማያውቁ፣ በቤታቸው በለመዱት ምልክት ነገሯት። መጀመሪያ ወደ ስልኩ፣ ቀጥሎ ወደ ዓይናቸው፣ ቀጥሎ ወደ እሷ አመለከቱ፤ በሁለት እጃቸው የሆነ ነገር እንደሚሸፍኑ አደረጉ። በመጨረሻ ደረታቸውን መቱ።

ተቆጣች። እጆቿ ሲፈጥኑ አየሁ፤ ቃሉን ባላውቀውም ቁጣውን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ስድስት ጣት አወጣች፤ ስድስቱን ሳምንት። አባትየው አቀርቅረው ተቀበሉ።

ሲበቃት ስልኩን አነሳችና ጓደኛዋ ዘንድ ደወለች። የጓደኛዋ ፊት ብቅ አለ፤ ደነገጠች፣ ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዲህ ሁለት ሰዎች ያለ አንድ ድምፅ ሲንጫጩ አይቼ አላውቅም። ልጅቷ ስልኩን ከኤሌክትሪክ መለኪያዬ ጋር አስደግፋ በሁለት እጇ ታወራለች። በሩ ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ እሱም ችኮላውን ረስቶ ያያል።

አባትየው በትከሻዋ በኩል አጮለቁ። ጓደኛዋ አይታቸው ጣቷን ወደ እሳቸው ቀሰረችና አንድ ምልክት አሳየች። ልጅቷ በሳቅ ተንፈቀፈቀች።

«ምን አለችኝ?» አሉ እኔን።

«እኔ ምን አውቃለሁ አባባ? ልጅዎን ይጠይቋት።»

ጠየቋት። ምልክቱን ቀስ ብላ ደጋግማ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም በወፍራም የገበሬ ጣቶቻቸው መኮረጅ ጀመሩ። ትርጉሙን ግን እምቢ አለቻቸው። እኔ የባጃጁን ሹፌር ስልክ ተቀብዬ ሥራዬን ስቀጥል፣ እሳቸው አሁንም ጥግ ላይ ተቀምጠው እየተለማመዱ ነበር።